የተዋሱ ዓይኖች

አሶሳ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ የተነሳ ፎቶ ፊቴ ተቀምጧል። ዘጠኝ ሰዎች ማንጎ ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ መሃል ላይ የሙሽራው እናት አሉ። እንደ አንዳንድ የበርታ አዛውንቶች በሁለቱም ጉንጫቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሦስት ሦስት ሰንበሮች አሏቸው። ሲስቁ ዓይናቸው ጭፍን ይላል፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቃቸው እንዲያ ነው። በፎቶው ላይ ግን አፋቸው እየሳቀ ዓይናቸው ፈጧል።

ፎቶ ቤቱ ቀደም ብሎ፣ እናቲቱ ኮስተር ብለው ሳለ ካነሳው ሌላ ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ወስዶ ለጥፎበታል። ሥራው ቀላል ነው፦ ሁለቱን ፎቶዎች በፎቶሾፕ መደረብ፣ በ Auto-Align Layers ማገጣጠም፣ ከላይኛው ፎቶ ዓይኑን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በማስክ መሸፈን። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ፒክስል 8 ስልክ በተከታታይ ከተነሱ ፎቶዎች ፊት እየመረጠ ይቀይራል። ቀላል በመሆኑም ደንበኛው ሳይጠይቅ የሚደረግ ልማድ ሆኗል። እኔ የምቃወመው ይህን ነው።

ሰው ከልቡ ሲስቅ ጉንጩ ወደ ላይ ይነሳል፤ የተነሳው ጉንጭ የታችኛውን የዓይን ቆብ ይገፋና ዓይን ይጠባል። ስለዚህ የኮስታራ ዓይን ከሚስቅ ጉንጭ በላይ ሲቀመጥ ሁለት ስሜት አንድ ፊት ላይ ይጋጫል። እዚህ ፎቶ ላይ ስፌቱ ራሱ ይታያል፦ በሳቁ የተነሱት ሰንበሮች ከላይ ጫፋቸው፣ የተለጠፈው ቁራጭ በሚጀምርበት ቦታ፣ ድንገት ተሰብረዋል። ብሌናቸው ላይ ያለው የብርሃን ነጥብ በግራ ሲሆን የአፍንጫቸው ጥላም የወደቀው በግራ ነው። ብርሃን ከወዲያ፣ ጥላ ከወዲህ መሆን ነበረበት።

የተጨፈነ ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም። ሰው ዓይኑን ሲያርገበግብ ተጨፍኖ የተነሳ ዓይን የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው አቋም ከተነሳ ፎቶ መዋስ እቀበላለሁ፤ ያውም ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፊቱን። በአሶሳ የቀትር ፀሐይ የተጨፈነ ዓይን ግን ሰዎቹን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያቆመው የፎቶ አንሺው ጥፋት ነው፤ ወደ ጥላ ማስገባት ይበቃል። በሳቅ የተጨፈነውስ? እሱ ራሱ ሳቁ ነው፤ ምኑ ይታረማል?

ለመርገብገብም ቢሆን መፍትሔው ከማንሳቱ ይጀምራል። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የኢግ ኖቤል ሽልማት ያገኙበት ስሌት፣ ከ20 በታች ለሆነ ቡድን ጥሩ ብርሃን ካለ የሰዎቹን ቁጥር ለሦስት አካፍለህ ያን ያህል ጊዜ አንሳ ይላል፤ ያኔ ማንም ያልጨፈነበት አንድ ፎቶ ማግኘትህ እርግጥ ለመሆን ይቃረባል። ለእነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ሦስት ጊዜ መጫን ማለት ነው።

ሙሽራው ያልተነካካውን ፎቶ ለመጠየቅ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ዋናው ጠፍቷል፤ የቀረው ይኸው ነው።