የትኛው 50 ከመቶ?

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳያግኖስቲክ ፈተና ከተሰጠ በኋላ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ይደመጣል፤ «ልጆቹ ከታች ባዶ ሆነው ነው የመጡት» ይባላል። ዳያግኖስቲክ የሚለው ቃል ከሕክምና የተወሰደ ሲሆን ሕመሙን ከምልክቱ ለይቶ ማወቅ ማለት ነው፤ ፈተናውም ተማሪው ትምህርቱን ሳይጀምር ምን እንደሚያውቅና ምን አሳስቶ እንደያዘ ይለያል ተብሎ የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ «ባዶ» የሚለው ፍርድ የተገኘው ከመለየት ሳይሆን ከመደመር ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ ትክክለኛ መልሶች ይቆጠራሉ፤ ድምሩ ወደ መቶኛ ይለወጣል፤ መቶኛው በቅጽ ተሞልቶ ለርዕሰ መምህሩ ይቀርባል፤ የመልስ ወረቀቶቹም ወደ ቁም ሣጥን ይገባሉ። በሽተኛውን ሚዛን ላይ አቁሞ ኪሎውን ጽፎ «ምርመራው ተጠናቋል» የሚል ሐኪም ቢገኝ ሕዝብ ይስቅበት ነበር፤ በትምህርት ቤት ግን ይኸው ድርጊት ሪፖርት ይባላል።

የነገሩ ብልሹነት የሚታየው በምሳሌ ነው። በጣና ዳርቻ፣ በደልጊ ከተማ፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አስርዮሽ ቁጥሮች፣ ማለትም ነጥብ ስላላቸው ቁጥሮች፣ ዐሥር ጥያቄዎች ቀረቡላቸው እንበል። ጥያቄው ሁሉ «ከሁለቱ ቁጥሮች የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ነው። አምስቱ እንደ 0.4 እና 0.125 ያሉ፣ አጭር ሆኖ የተጻፈው ቁጥር የሚበልጥባቸው ናቸው፤ ሌሎቹ አምስቱ ደግሞ እንደ 0.75 እና 0.6 ያሉ፣ ረጅም ሆኖ የተጻፈው የሚበልጥባቸው ናቸው።

አንደኛው ተማሪ ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ያነባል፤ «ዜሮ ነጥብ መቶ ሃያ አምስት» ይላል፤ መቶ ሃያ አምስት ከአራት ስለሚበልጥም 0.125ን ይመርጣል። በዚሁ ሕግ ሁለተኛዎቹን አምስት ጥያቄዎች በሙሉ ይመልሳል፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት በሙሉ ይስታል። ሁለተኛዋ ተማሪ ሌላ ሕግ ይዛለች፤ ዐሥረኛ ከመቶኛ፣ መቶኛም ከሺኛ እንደሚበልጥ ሰምታለች፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ አኃዝ የበዛበት ቁጥር ሁሉ የደቀቀና ያነሰ ይመስላታል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ትመልሳለች፤ ሁለተኛዎቹን ትስታለች፤ 0.6 ከ0.75 ይበልጣል ትላለችና። ሦስተኛው ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ በግምት የሚያከብ ነው፤ ምርጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ አምስት ገደማ ማግኘቱ የሚጠበቅ ነው። የሦስቱም ውጤት 50 ከመቶ ነው፤ በቅጹ ላይም ሦስቱ ልጆች አንድ ልጅ ሆነዋል።

ይህ በጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ እንቆቅልሽ አይደለም። ሎረን ሬዝኒክና ባልደረቦቿ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በፈረንሳይ ተማሪዎች ዘንድ እነዚህን ሕጎች ለይተው አሳይተዋል፤ በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲም ኬይ ስቴሲና ቪኪ ስታይንሌ የአስርዮሽ ማነጻጸሪያ ፈተናቸውን ያዘጋጁት ልጁ ስንት እንዳገኘ ለመቁጠር ሳይሆን የትኛውን ሕግ እንደያዘ ለመለየት ነው። ልጆቹ ባዶ አይደሉም፤ እንዲያውም ሞልተዋል። የሞላባቸው ነገር የተሳሳተ ቢሆንም ሥርዓት ያለው ነው፤ ሥርዓት ያለው ስህተት ደግሞ የሚታየው ከስህተቶቹ አሰላለፍ እንጂ ከትክክለኛ መልሶች ድምር አይደለም።

መዘዙ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ «ክፍሉ በአማካይ 50 ከመቶ አምጥቷል፤ አስርዮሽ ይከለስ» ብሎ ሰሌዳው ላይ «ዐሥረኛ ከመቶኛ እንደሚበልጥ አስታውሱ» ብሎ ቢጽፍ፣ ለአንደኛው ተማሪ ጥቂት ይጠቅመው ይሆናል፤ ሁለተኛዋ ግን የታመመችበት ሕግ ያው ስለሆነ ስህተቷ በመምህሩ እጅ ጸደቀላት ማለት ነው። «ባዶ ቦታውን በዜሮ ሙሉና አነጻጽሩ» የሚለው የተለመደ ዘዴም 0.4ን ወደ 0.400 ቀይሮ ሁለቱንም ተማሪዎች ለዕለቱ ትክክለኛ መልስ ያሰጣቸዋል፤ 400 ከ125 ይበልጣልና። ነገር ግን አንደኛው ተማሪ አሁንም ሙሉ ቁጥር እያነጻጸረ ነው፤ ሕመሙ አልዳነም፣ ተሸፈነ እንጂ። የሚያሽረው 0.4 ኪሎ ቀረሶ ዓሣ 400 ግራም፣ 0.125 ኪሎ ደግሞ 125 ግራም መሆኑን በሚዛን አሳይቶ፣ ሁለቱም የአንድ ኪሎ ክፍልፋዮች መሆናቸውን እንዲናገር ማድረግ ነው። ለሁለተኛዋ ደግሞ 0.75 ውስጥ ሰባት ዐሥረኛዎች እንዳሉና ሰባት ከስድስት እንደሚበልጥ ማሳየት ይቀድማል። በአንድ መድኃኒት የሚታከሙ አይደሉም።

ከዚህም የባሰ አለ። የፈተናው አዘጋጅ ጥያቄዎቹን ከብርና ከሳንቲም ቢወስድ፣ ማለትም 3.75 ከ3.60 ጋር ቢያነጻጽር፣ ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞች ሁልጊዜ ሁለት ስለሚሆኑ ሁለቱም ተማሪዎች 100 ከመቶ ያመጣሉ። በሳንቲም ስሌት በገበያ የሰለጠነው የደልጊ ልጅ በዚህ ፈተና «ዐዋቂ» ተብሎ ያልፋል፤ ሕመሙ የሚገለጠው ዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔም «ባዶ ሆነው ነው የመጡት» ይባላል።

የድምር ፍቅር ከላይ የወረደ መሆኑ አይካድም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 ከመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ ሆኖም ያ ቁጥር የጉዳቱን ስፋት እንጂ ዓይነቱን አልተናገረም፤ ሊናገርም አልተሰናዳም። የማጠቃለያ ፈተና ሥራው ማሳለፍና መጣል ስለሆነ በዚህ አይወቀስም። የሚወቀሰው የመስከረሙ ፈተና የእርሱን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው።

«ለ60 ተማሪ ይህን ሁሉ ለመለየት ጊዜ የለም» የሚል መልስ ይጠበቃል። መልሱ ግን ከስንፍና አያልፍም። ጥያቄዎቹ አስቀድመው በሁለት ዓይነት ከተከፈሉ፣ በተማሪው ስም ፊት አንድ ድምር ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ 0 እና 5 የሆነው አንደኛውን ሕግ፣ 5 እና 0 የሆነው ሁለተኛውን ይዟል ተብሎ ይጠረጠራል፤ 3 እና 2 የሆነው ምናልባት ገማች ነው። ከየቡድኑ ሁለት ሦስት ልጆች ተጠርተው «ለምን ይህን መረጥህ? ለምን ይህን መረጥሽ?» ቢባሉ ጥርጣሬው ይጸናል ወይም ይፈርሳል። ድምር ለመሥራት ከሚባክነው ምሽት የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ባሉ አድባራት ከሌላ ደብር የመጣን ተማሪ የሚቀበሉ የኔታ ስህተትን በዓይነቱ ለመለየት የፔዳጎጂ ኮርስ አላስፈለጋቸውም። ልጁን ያስነብቡታል፤ ያዳምጡታል፤ ተነሹን ቃል ወዳቂ አድርጎ ካነበበው፣ ወይም ተጣዩን ሰያፍ ካደረገው፣ የስህተቱን ስም ጠርተው ከዚያው ያስጀምሩታል። ከመቶ ስንት እንዳነበበ አይጽፉም።

የዛሬው አሠራር ግን የስህተቱን ስም ሳይጠራ መቶኛውን መዝግቦ ወረቀቱን ይቆልፋል። የተሳሳተው መልስ የትኛው እንደሆነ የማይመዘገብበት ፈተና ደግሞ ምንም አልለየምና፣ ዳያግኖስቲክ መባሉ ይቅርና የመስከረም ፈተና ይባል።