አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፦ ሚዛን የማያየው የጉበት ስብ

በአገራችን ግብዣ «አልጠጣም» ላለ እንግዳ የሚቀርብለት ለስላሳ ነው። ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ጉበትን የሚጎዳው አልኮል ብቻ ነው የሚል፣ ብዙም ያልተመረመረ እምነት አለ። የለስላሳ ስኳር ጉዳይ ሲነሳም የሚነሳው ከውፍረት ጋር ተያይዞ ነው፤ ቀጭን ሰው ነገሩ የማይመለከተው ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ግምቶች ይቃወማል። በለስላሳ ስኳር ምክንያት የሚመጣው የጉበት ስብ ክምችት የሰውነት ክብደት ሳይለወጥም ሊጀምር ይችላል። በመሆኑም የለስላሳን ጉዳት በክብደት ብቻ የሚለካ ጥናት ከጉዳቱ ዋነኛ የሆነውን ክፍል ሳያይ ያልፋል።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ለማሳያ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ጠርሙስ እንውሰድ። በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር ያለበት የተለመደ ኮላ ከሆነ፣ በጠርሙሱ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል ብንል ስምንት ማንኪያ መሆኑ ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ጠርሙሱ በአጠቃላይ 127 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያበረክታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከነጻ ስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለታዊው ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው ወሰን 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ነው። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ሁለተኛውን ወሰን ያልፋል፤ ሁለቱ ጠርሙስ ደግሞ የመጀመሪያውን።

ክብደትን በሚመለከት

ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ክብደትን መተንበይ ቀላል ይመስላል። በቀን 127 ኪሎ ካሎሪ በ365 ቀን ሲባዛ 46 ሺህ ገደማ ይመጣል፤ አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል ተብሎ ሲካፈል በዓመት ስድስት ኪሎ ግራም ጭማሪ ይገኛል። ይህ ስሌት በብዙ የጤና ትምህርት ጽሑፎች ይደጋገማል፤ ነገር ግን የተሳሳተ ነው። ሰው ሲከብድ የሚያወጣው ኃይልም አብሮ ይጨምራል፤ ከጠጣው ውስጥም የተወሰነውን ከሌላ ምግብ በመቀነስ ያካክሳል።

ትክክለኛውን መጠን ለመገመት የሚረዳን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የኔዘርላንድስ ሙከራ ነው። በሙከራው 641 ሕፃናት በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን በቀን 250 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለበት መጠጥ፣ ሌላው በጣዕም ተመሳሳይ የሆነ ስኳር አልባ መጠጥ ለ18 ወራት ወሰደ። ሕፃናቱም ሆኑ ተመራማሪዎቹ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ እንዳያውቁ ተደርጎ ነበር። በመጨረሻ በሁለቱ ቡድኖች የክብደት ጭማሪ መካከል የታየው ልዩነት አንድ ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህ ከቀላሉ ስሌት እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ በትንሽ ጣሳ መጠጥ ምክንያት በሚያድግ ሕፃን ላይ የመጣ መሆኑን ስናስብ ቀላል አይደለም። የስሌቱ ግነት መታረሙ ሙከራው ያረጋገጠውን እውነት አያፈርሰውም፦ ስኳሩ ክብደት ይጨምራል።

ጭማሪው የሚመጣበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ዐሥራ አምስት ሰዎች ለአራት ሳምንት በቀን 450 ኪሎ ካሎሪ በለስላሳ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ያንኑ መጠን በሚታኘክ ከረሜላ እንዲወስዱ ተደረገ። ከረሜላውን ሲወስዱ ከሌላው ምግባቸው ተመጣጣኝ ቅናሽ አደረጉ፤ ለስላሳውን ሲወስዱ ግን አልቀነሱም። የሚጠጣ ስኳር በምግቡ ላይ ይደመራል እንጂ ምግቡን አይተካም።

ጉበት ውስጥ የሚሆነው

የተራው ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ግሉኮስን የሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ይጠቀሙበታል፤ በጉበት ውስጥ የሚፈርሰውም ጉበቱ በቂ ኃይል ሲኖረው በሚቀዘቅዝ ኢንዛይም ቁጥጥር ሥር ሆኖ ነው። ፍሩክቶስ ግን ይህን ኬላ አይነካም። ኬቶሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም የጉበቱን የኃይል ይዞታ ሳይጠብቅ በፍጥነት ይቀበለዋል፤ ከዚያ የሚገኙት ውጤቶች የስብ አሲድ መሥሪያ ጥሬ ዕቃ ይሆናሉ። የተሠራው ስብ ከፊሉ ትራይግሊሰራይድ ሆኖ ወደ ደም ይላካል፤ ከፊሉ በጉበት ሊቀር ይችላል።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ ኬሚስትሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የስዊዘርላንድ ሙከራ 94 ጤናማ ወንዶች በአራት ቡድን ተመድበው፣ ሦስቱ ቡድኖች ለሰባት ሳምንት በቀን 80 ግራም ስኳር በሚጠጣ መልክ ወሰዱ፤ አንዱ ፍሩክቶስ፣ አንዱ ተራ ስኳር፣ አንዱ ግሉኮስ። አራተኛው ቡድን ምንም አልተጨመረለትም። ፍሩክቶስና ተራ ስኳር የወሰዱት ጉበታቸው ስብ የሚሠራበት ፍጥነት ካልጨመሩት ቡድን አንጻር እጥፍ ሆነ፤ ግሉኮስ የወሰዱት ግን ይህ አልታየባቸውም። ልብ ሊባል የሚገባው በዚህ ጊዜ ውስጥ ክብደታቸው በሚታይ መጠን አለመለወጡ ነው። ሰማንያ ግራም የሁለት ጠርሙስ ተኩል ስኳር ነው።

ከዚህም የሚበልጠው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዴንማርክ ሙከራ ነው። ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 47 ሰዎች ለስድስት ወራት በየቀኑ አንድ ሊትር መጠጥ ወሰዱ፤ መጠጡ እንደየቡድኑ ስኳር ያለበት ኮላ፣ ስቡ የተቀነሰ ወተት፣ ስኳር አልባ ኮላ ወይም ውኃ ነበር። በጠቅላላ የሰውነት ስብ በአራቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በጉበት ስብ ግን የኮላው ቡድን ለውጥ ከሦስቱም ቡድኖች ከ130 በመቶ በላይ በልጦ ተገኘ። ወተቱ ከኮላው ጋር ተመሳሳይ ካሎሪ የያዘ ስለ ነበር፣ ልዩነቱን በካሎሪ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የተቃውሞው ሚዛን

ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸው ተመራማሪዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው። ፍሩክቶስ የሌላ ካርቦሃይድሬትን ቦታ በእኩል ካሎሪ ሲተካ የጉበት ስብ በግልጽ እንደማይጨምር፣ የሚጨምረው ከተለመደው ምግብ በላይ ሲደመር መሆኑን የሙከራዎች ጥቅል ትንታኔዎች አሳይተዋል። የዴንማርኩ ሙከራም በተሳታፊ ብዛት ትንሽ ነው፤ የአንድ ሊትር መጠኑም ከሦስት ጠርሙስ ያልፋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው ጉበቱ ይሰባል ማለት ከማስረጃው ማለፍ ነው።

ሆኖም ክርክሩ «የሚደመር ከሆነ ይጎዳል» የሚል ሁኔታ ይዟል፤ ለስላሳ ደግሞ ከላይ እንዳየነው በምግብ ላይ የሚደመር እንጂ ምግብን የሚተካ አይደለም። በቤተ ሙከራ የተለየው ሁኔታ በማዕድ ላይ የተለመደው ሁኔታ ነው። ከዚህ አንጻር ተቃውሞው የመጠን ጥያቄን ያጠራል እንጂ የለስላሳን ጉዳይ አይዘጋም።

ለጥናታችን የሚኖረው ትርጉም

ሁለት የታሰቡ ተሳታፊዎችን እንመልከት። አንዱ 1.72 ሜትር ቁመትና 64 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ተማሪ ነው፤ በቀን ሁለት ጠርሙስ ይጠጣል። የሰውነት ክብደት ምጣኔው 21.6 ስለሚሆን «ጤናማ» ከሚባለው ረድፍ ይገባል። ሌላው ተመሳሳይ ቁመና ያለው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠጣ ሰው ነው። «ለስላሳ ይጠጣሉ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም «አዎ» ብለው ይመልሳሉ። የመጀመሪያው በቀን 64 ግራም፣ ሁለተኛው በቀን ሲካፈል ከ5 ግራም ያነሰ ስኳር ከለስላሳ ያገኛል፤ በመረጃ ቋታችን ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በዚህ መንገድ ተሰብስቦ «ግንኙነት አልተገኘም» የሚል ድምዳሜ ላይ የደረሰ ጥናት ያረጋገጠው የመጠይቁን ድክመት ነው።

ስለዚህ በመጠይቅ ውስጥ የጠርሙሱ መጠን፣ በሳምንት የሚጠጣው ብዛት እና የመጠጡ ዓይነት ተለይተው ይመዝገቡ፤ ከማሸጊያው ላይ በሚነበበው መጠን ተባዝተውም ወደ ግራም ስኳር ይለወጡ። ይህ ከወረቀትና ከትዕግሥት በቀር ወጪ የለውም። ከክብደት ጎን የወገብ ዙሪያ ይለካ፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለውን ስብ ከክብደት ይልቅ እርሱ ይጠቁማልና።

የጉበቱን ልኬት በሚመለከት የመሣሪያውን ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። የጉበት ስብ ክምችት አለ የሚባለው ከጉበት ሕዋሳት ከ5 በመቶ የሚበልጡት ስብ ሲይዙ ነው። በየሆስፒታሉ የሚገኘው አልትራሳውንድ ግን ስቡ ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ካልደረሰ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለየውም። የደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞችም ስቡ እያለ በጤናማ ወሰን ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በአልትራሳውንድ «ጤናማ» የተባለን ጉበት ከስብ ነጻ ነው ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ማለት የሚቻለው «በዚህ መሣሪያ የሚታይ ስብ አልተገኘም» ነው። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለውን፣ ስኳሩን በመቀነስ ሊመለስ የሚችለውን ሰው የምናጣው በዚህ ክፍተት ነው።

ሊመለስ ይችላል ማለታችን ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የአሜሪካ ሙከራ፣ የጉበት ስብ ክምችት የተገኘባቸው 40 ታዳጊ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ለስምንት ሳምንት ነጻ ስኳር እጅግ የተቀነሰበት ምግብ ተሰጣቸው። የእነዚህ አማካይ የጉበት ስብ ከ25 በመቶ ወደ 17 በመቶ ሲወርድ፣ በተለመደው ምግባቸው የቀጠሉት ከ21 ወደ 20 በመቶ ብቻ ወረዱ። በሁለት ወር ይህን ያህል የሚለወጥን ነገር፣ በዓመታት የሚለወጠውን ክብደት ብቻ እየመዘንን ልናገኘው አንችልም።