ጽሑፉ ይመለሳል፣ ድምፁ አይመለስም

በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቻችሁ 45 ደቂቃ ያህል ውሰዱ። የምንለማመደው አንብቦ፣ አዳምጦ፣ ሁለቱን አገናኝቶ የመጻፍ ጥያቄ ነው። ቶፍል ለዓመታት ሲጠይቅ የነበረው እንዲህ ነው፦ ሦስት ደቂቃ ማንበብ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል የመምህር ገለጻ መስማት፣ ከዚያ በ20 ደቂቃ መጻፍ። በጃንዋሪ 2026 የጀመረው አዲሱ ቶፍል ይህን ጥያቄ ትቶታል። ኮሌጅ ግን አልተወውም፤ ምዕራፉን አንብቦ ሌክቸር መስማት እዚያ የየቀን ሥራ ነው።

ልጁ ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ይክፈል፤ ግራው ለንባቡ፣ ቀኙ ለገለጻው። ቀኙ ሰፋ ይበል። ብዙ ልጆች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ንባቡን ሲገለብጡ ሦስቱ ደቂቃ ያልቃል። በፈተናው ጽሑፉ በመጻፊያው ሰዓት ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ይመጣ ነበር፤ ድምፁ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነበር። ስለዚህ በግራ በኩል ለእያንዳንዱ ምክንያት ሦስት አራት ቃል ይበቃል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ንባቡ “ትምህርት በሳምንት አራት ቀን ይሁን” ይላል፤ ምክንያቶቹም ወጪ ይቀንሳል፣ ልጆች ይተኛሉ፣ መምህራን ይሳባሉ የሚሉ ናቸው። ልጁ ይህን ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ውሰዱበትና ገለጻውን እናንተ በተለመደው የንግግር ፍጥነት አንብቡለት። ትልቁ ወጪ ደመወዝ ስለሆነ ቁጠባው ትንሽ ነው። አራቱ ቀናት ስለሚረዝሙ ልጆች ይበልጥ በጠዋት ይነሣሉ። ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም አራት ቀን ካደረጉ መምህር የሚስበው ነገር ይጠፋል። እንዳያችሁት ገለጻው ንባቡን በተራ፣ አንድ በአንድ ነው የሚያፈርሰው። ልጁ ይህን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ካወቀ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይጠብቃል። “ደግመሽ አንብቢልኝ እማዬ” ቢል እሺ አትበሉት። በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጣ ልጅ ግን የመጀመሪያውን ዙር በአማርኛ አድርጉለት፤ ዘዴውን ከቋንቋው ለይቶ ይማራል።

አሁን 20 ደቂቃ ይጻፍ። በብዛት የሚታየው ስሕተት “ጽሑፉ ወጪ ይቀንሳል ይላል፤ መምህሩ ግን አይስማማም” ብሎ ማለፍ ነው። ለምን አልተስማማም? ደመወዙ የት ሄደ? ቀኙ ዓምድ ላይ “አይስማማም” ብቻ ካለ ልጁ ድምፁን ሰምቷል፣ ምክንያቱን ግን አልያዘም። ሁለተኛው ስሕተት “እኔ እንደሚመስለኝ” ነው። የልጁን አስተያየት ማንም አልጠየቀም፤ ስለ አራት ቀን ትምህርት ከሆነ ደግሞ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን!

ለማረም እንግሊዝኛችሁ ጎበዝ መሆን የለበትም። ንባቡን ብቻ ያነበበ ወንድም ወይም እኅት ጥሩና የተጻፈውን ስጡት። ከንባቡ ያላገኛቸውን ሦስት አዳዲስ ነገሮች ቆጥሮ ከነገራችሁ ሥራው ተሠርቷል። ሁለት ብቻ ካገኘ የጎደለውን በቀኙ ዓምድ ፈልጉ፤ እዚያም ከሌለ የሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ ማዳመጥ ብቻ ይሁን።