ዕድገቱ ያለቀው ከማስታወቂያው በፊት ነው

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የደረጃ ዕድገት በውድድር እንደሚሰጥ ደንቡ ይናገራል። ክፍት የሥራ መደቡ በውስጥ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ አመልካቾች ይመዘገባሉ፣ ኮሚቴ ነጥብ ይደምራል፣ ቃለ ጉባኤው ለኃላፊ ቀርቦ ይጸድቃል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ዕድገቱ ደጋግሞ ለአለቃው ቅርብ ለሆነው ሰው ሲደርስ፣ ሥራውን ለዓመታት የተሸከመው ባለሙያ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለውም። ባልደረቦቹም «ሰው አለው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔ ግን ጥፋቱን ኮሚቴው ዘንድ ስንፈልግ ዋናው ያመልጠናል ባይ ነኝ። ወሳኙ ነገር የሚፈጸመው ማስታወቂያው ከመለጠፉ ከወራት በፊት፣ ማንም ሳይወዳደር፣ በአንድ ገጽ የተጠባባቂነት ምደባ ደብዳቤ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የነጥብ ክፍፍሉ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ ለማሳያ ያህል ለፈተና 40፣ ለሥራ አፈጻጸም 40፣ ለልምድ 20 ተይዟል እንበል። የቡድን መሪው ሲዛወር አለቃው አብሮት ምሳ የሚበላውን ባለሙያ በተጠባባቂነት ይመድባል። ይህ ሰው ስብሰባ ይገባል፣ ሪፖርት በስሙ ይፈርማል፣ በግማሽ ዓመቱ ምዘናም 37 ይሞላለታል። ሪፖርቱን ከሥር ያዘጋጀችው ባለሙያ ፊርማዋ የትም ስለሌለ 33 ታገኛለች። ውድድሩ ሲመጣ በፈተና እሷ 33፣ እሱ 29 ያመጣሉ። በልምድ ግን የተጠባባቂነቱ ወራት ተቆጥረውለት እሱ 17፣ እሷ 14 ይያዝላቸዋል። ድምሩ 83 ለ80 ነው። ኮሚቴው አንዲት ነጥብ አልሰረቀም። ቅሬታ ሰሚው ሰነዱን ቢመረምር ድምሩ ትክክል ነው ብሎ ይመልሳታል፤ እውነትም ትክክል ነው። በቀጥታ በሚለካው በፈተናው የበለጠችው እሷ ነበረች፤ የተሸነፈችው በአለቃው ምርጫ በተፈጠሩት ሁለት ዓምዶች ነው።

ቅርበት ያለ ምንም የሥራ ብልጫ ዕድገት እንደሚያመጣ ዞዪ ከለን እና ሪካርዶ ፔሬዝ ትሩግሊያ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በአንድ ትልቅ የእስያ ባንክ ላይ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ጥናቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ወንድ ሠራተኞች ወንድ አለቃ ሲደርሳቸው ሴት አለቃ ከደረሳቸው ወንዶች ይልቅ ቶሎ ያድጋሉ፤ ሴቶች ግን የአለቃቸው ጾታ ለውጥ አላመጣላቸውም። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛ የሚያጨስ አለቃ ሲገጥመውም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በሥራ ሰዓትም ሆነ በሥራ ውጤት ግን ያደጉት ሰዎች ብልጫ አልታየባቸውም። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ለዚህ ጉቦም ዝምድናም አለማስፈለጉ ነው። አብሮ የቆመን ሰው ማስታወስ ብቻውን በቂ ሆኗል። እኛ ዘንድ ምሳው፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩና የአገር ልጅነቱ ይህንኑ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

አለቃ የሚያምነውን ሰው መመደብ የለበትም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቦታው በድንገት ሲለቀቅ ሥራው መቆም የለበትም። ነገር ግን እምነት ሥራ በመስጠት የሚገነባ ነገር ነው። ዕድሉን ያላገኘን ሰው «አላውቀውም» ብሎ ማለፍ፣ ባለማወቁ ተጠያቂ የሆነው አለቃ የጥፋቱን ዋጋ በሠራተኛው ላይ መጫኑ ነው። ሌሎች ደግሞ የተረሳው ሰው ራሱን ያሳይ ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ፤ የሠራውን በየወሩ በጽሑፍ ለቅርብ ኃላፊው ማሳወቅ ይጠቅመዋል። ዳሩ ግን የሌላውን ስሕተት የሚያርም፣ የተዘበራረቀ ፋይል የሚያስተካክል፣ ባለጉዳይ ሳይጮህ የሚሸኝ ሰው ሥራው በባሕርዩ ድምፅ የለውም። ይህን ሰው ልታይ ልታይ እንዲል ማስገደድ ከዋናው ሥራው ማንሳት ነው።

ስለዚህ ማስተካከያው መጀመር ያለበት ከተጠባባቂነቱ ነው። ምደባው በሰሌዳ ይለጠፍ፤ እነማን እንደታሰቡና ይህ ሰው ለምን እንደተመረጠ በሁለት መስመር ይጻፍ። ጊዜው ከተራዘመ ለሌላው ብቁ ባለሙያ ይዙር፤ በዚያ መንገድ የተገኘ ልምድም በውድድሩ ላይ ለብቻው ነጥብ እንዳያስገኝ ይደረግ። በሪፖርት ላይ ከፈራሚው ጎን ያዘጋጀው ባለሙያ ስም ይግባ። ቅሬታ የሚያቀርብ ሠራተኛም ድምሩ እንደገና ይታይልኝ በማለት ብቻ አይቁም። የምደባ ደብዳቤው የወጣበትን ቀን፣ በዚያን ጊዜ መስፈርቱን ያሟሉ ባለሙያዎችን ዝርዝርና የራሱንና የተመረጠውን ተወዳዳሪ የምዘና ቅጽ ከነማስረጃው ይጠይቅ።