«ስኳር ይቀንሳል» እና «ምንም ጉዳት የለውም» አብረው አይሄዱም

ሰሞኑን ጂንሰንግ የምትሸጡ ልጆች ፌስቡኩን ሞልታችሁታል። ያስተማርኳችሁም አላችሁበት፣ ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። አንዴ «ስኳር ይቀንሳል» ትላላችሁ፣ ወዲያው ደግሞ «ተፈጥሮ ስለሆነ ከማንኛውም መድኃኒት ጋር ይወሰዳል» ትላላችሁ። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሁለተኛው ውሸት ነው። ስኳር የሚቀንስ ነገር ስኳር በሚቀንስ መድኃኒት ላይ ሲደረብ ዝም ብሎ አይቀመጥም!

ከነጭራሹ ባዶ ነው አልልም። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የቶሮንቶ ጥናት ላይ 3 ግራም የአሜሪካ ጂንሰንግ የስኳር ሕመምተኞች ግሉኮስ ከጠጡ በኋላ የሚወጣውን ስኳር በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ታይቷል። ግን የተሞከረባቸው ሰዎች ሕመም የሌለባቸውም ተጨምረው ሃያ አይሞሉም። የተሰጣቸውም የሥሩ ዱቄት እንጂ እናንተ የምትሸጡት ከቡና ጋር የተቀላቀለ ፓኬት አይደለም።

አሁን ሰፈራችን ያሉ አንድ አባትን ልንገራችሁ። ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ይህ መድኃኒት ደም ውስጥ ያለው ስኳር ይብዛም ይነስም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ብሎ የሚገፋ ነው፣ ጉልበቱም ሌሊቱን ሁሉ ይቆያል። «ለጉልበት» ተብለው ማታ ማታ ጂንሰንግ ጀመሩ። ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እየባነኑ መነሳት መጣ። ሻጩ ምን አላቸው? «ሰውነትዎ እየጸዳ ነው»። ልጃቸው አንድ ሌሊት በመለኪያ ሲያያቸው 54! ከ70 በታች አደጋ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ሰጣቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 88 ሆነ፣ ከዚያ ዳቦ በሉ። (ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።)

ችግሩን የሚያከብደው ጂንሰንግ ራሱ እንቅልፍ መንሳቱ ነው። በዚህ ምክንያት ሁሉም «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ጂንሰንጉ ሲያነቃ ሰው ዓይኑ ፈጦ ያድራል እንጂ አያልበውም። ስኳር ሲወርድ ግን ተኝቶ ከቆየ በኋላ ይባንናል፣ ልብሱ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ አንዳንዴ የሚናገረው አይያያዝም። ያም ሆኖ እርግጡን የሚነግራችሁ መለኪያው ብቻ ነው።

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እንዲህ የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። የምፈራው ግሊቤንክላሚድና ኢንሱሊን ለሚወስዱት ነው፣ በተለይ እራት ሳይበሉ ለሚተኙ፣ ለጾመኞችም ጭምር። ጀምራችሁ ከሆነ የምታቆሙት ጂንሰንጉን ነው፣ መድኃኒቱን አይደለም። ፓኬቱን ይዛችሁ ሐኪማችሁን አሳዩ።

ኮሜንት ላይ «እኔን ፈውሶኛል» የምትሉ ደግሞ የምትወስዱትን መድኃኒት ስም፣ ከመኝታ በፊትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የለካችሁትን ቁጥር አብራችሁ ጻፉልኝ።