«ክፍሉ እኮ ይበራል» ለምትሉኝ

የማታ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ሲጽፉ አይቼ መብራት አነሰ ባልኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «6 መብራት ተሰቅሏል፣ ሂሳቡም ተሠርቷል፣ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ ነው።» እሺ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራዋ!

ክፍሌ 9 በ7 ሜትር ነው፤ 63 ካሬ። የአውሮፓው ኢኤን 12464-1 መለኪያ በ2011 እትሙ ለመማሪያ ክፍል 300 ሉክስ፣ ለማታ ትምህርት 500 ይላል። እኔ ዝቅተኛውን ልያዝ። 300 በ63 ሲባዛ 18,900 ሉመን ይመጣል። አንዱ ባለ ሁለት ቱቦ ኤልኢዲ 36 ዋት ወስዶ 3,600 ሉመን ይሰጣል። ሲካፈል 5.25፤ «6 ይበቃል» የተባለው በዚህ ነው።

ግን ከቱቦው የወጣ ብርሃን ሁሉ ዴስክ ላይ ይደርሳል ያለው ማነው? ግድግዳና ኮርኒስ ይውጡታል። የሚደርሰው ድርሻ እንደ ክፍሉ ስፋት፣ እንደ መብራቱ ከፍታና እንደ ቀለሙ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ይነበባል፤ ለኛ ቡናማ ግድግዳ 0.5 ያዝኩ። አቧራና እርጅና ደግሞ ሌላ ይቀንሳሉ፤ ማንም ለማይጠርገው መብራት 0.7። አሁን እንደገና፦

300 × 63 ÷ (3,600 × 0.5 × 0.7) = 15

15 እንጂ 6 አይደለም። በ6ቱ የሚገኘው 120 ሉክስ ብቻ ነው። ሉክስ መለኪያ ተውሼ ዴስኮቹ ላይ ሳስቀምጥም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

«ቆጣቢ» የምትሉትስ? 6ቱ በካሬ 3.4 ዋት ይወስዳሉ። የአሜሪካው አሽሬ 90.1 የ2019 እትም ለመማሪያ ክፍል 7.6 ዋት ገደማ ይፈቅዳል። ይሄ ጣሪያ ነው፤ ከሱ በታች ሆኖ ልጅን ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ቁጠባ አይባልም። 15 ከሰቀልን በርግጥ 8.6 ሆኖ ጣሪያውን ያልፋል። መፍትሔው መብራት መቀነስ ሳይሆን ቀለም ነው። ግድግዳው ነጭ ቢቀባ 0.6፣ ቱቦው በየሴሚስተሩ ቢወለወል 0.8 ይሆናል። ያኔ 11 ይበቃል፤ በ3 ረድፍ እኩል እንዲደረደር 12 እንበል። 6.9 ዋት። አለቀ!

«ቀን ፀሐይ አለ» ለምትሉኝ ደግሞ፦ አለ፣ በመስኮቱ በኩል። ግን ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ከሰሌዳ ወደ ኋላ ስለተከፈሉ፣ የጨለመውን የግድግዳ ጥግ ለማብራት የመስኮቱንም ማብራት ግድ ነው። ረድፎቹ ከመስኮቱ ጎን ለጎን ቢሄዱና እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማጥፊያ ቢኖራቸው፣ የክፍሉ ሞኒተር ጠዋት የመስኮቱን ረድፍ ያጠፋል፤ 144 ዋት ተረፈ። ሴንሰር አያስፈልገውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨረታ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ስንት ያዝክ?» ኮንትራክተሩ «የምን ቁጥር?» ካለ፣ እንዳትፈርሙ።