የቡና ማሸጊያው ላይ ያለው ምልክት ምን ያረጋግጥልዎታል?

ለውጭ አገር ዘመድዎ የሚላክ ቡና ሲገዙ ወይም እዚያው ባሕር ማዶ ሆነው የይርጋጨፌ ቡና ሲመርጡ፣ ማሸጊያው ላይ ሦስት ቃላት ደጋግመው ያያሉ፤ «ፌርትሬድ»፣ «ኦርጋኒክ» እና «በጥላ ሥር የበቀለ»። ሦስቱም «ጥሩ ቡና ነው» የሚሉ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ የሚናገረው ስለ ገንዘብ፣ ሌላው ስለ ኬሚካል፣ ሦስተኛው ስለ ዛፍ ነው። ስለ ጣዕም የሚናገር ግን የለም።

ፌርትሬድ የዋጋ ወለል ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለታጠበ አረቢካ ቡና ወለሉ በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም በ450 ግራም ገደማ፣ 1.80 ዶላር ነው። የዓለም ዋጋ ከዚያ ቢወርድም ገዢው ከወለሉ በታች መክፈል አይችልም። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ የሚከፈለው የገበያው ዋጋ ነው። ከዚህ ሌላ በፓውንድ 20 ሳንቲም ለማኅበሩ ይጨመራል፤ በምን ላይ እንደሚውል አባላቱ በጉባኤ ይወስናሉ። ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና ለማግኘት 600 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ያስፈልጋል። ስለዚህ እርስዎ ከገዙት ፓኬት ለማኅበሩ የሚደርሰው ጭማሪ 26 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። በ2025 መጀመሪያ እንደታየው የዓለም ዋጋ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ወለሉ ሥራ ስለሚፈታ፣ ምልክቱ ለማኅበሩ የሚያስገኘው ዋና ጥቅም ይኸው ጭማሪ ይሆናል።

ኦርጋኒክ ሲል ማሳው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አልነካውም፤ ተቆጣጣሪም በየዓመቱ ይጎበኘዋል ማለት ነው። ገበሬው ስንት እንደተከፈለው ግን አይነግርዎትም። ምልክቱ የሌለው ሁሉ ኬሚካል የተረጨ ነው ማለትም አይደለም። ብዙ የአገራችን ገበሬዎች ለቡናቸው ኬሚካል አይጠቀሙም፤ የጎደላቸው ለምስክር ወረቀቱ የሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሦስተኛው ነው። «በጥላ ሥር የበቀለ» የሚለው ቃል ብቻውን ከሆነ የሻጩ ቃል ነው፤ ጥቂት አንድ ዓይነት ዛፎች የተተከሉበት ማሳም ይህንኑ ሊያስጽፍ ይችላል። ጥብቅ መለኪያ ያለው የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም የሚሰጠው «በርድ ፍሬንድሊ» የተባለው ምልክት ነው። ቡናው አስቀድሞ ኦርጋኒክ መሆን አለበት፤ የዛፎቹ ጥላ ከማሳው ቢያንስ 40 በመቶውን መሸፈን፣ ዛፎቹም ቢያንስ 10 ዓይነት መሆን አለባቸው። በዋንዛና በብርብራ ሥር የሚያድገው የጓሮ ቡናችን ጥላ ቢኖረውም፣ ካልተመረመረ ይህን ምልክት አያገኝም።

እንግዲህ ፓኬቱን ያገላብጡት። ከቃሉ አጠገብ የመርማሪው ድርጅት ስም፣ አርማ ወይም ኮድ ካለ፣ ቃሉን ከሻጩ ሌላ ያረጋገጠው አለ ማለት ነው። ከሌለ ግን የሚከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ ለቃሉ ብቻ ሊሆን ይችላል።